ለሰፈር ማህበር ገቢ ማሰባሰቢያ፦ ኮንሰርት፣ ባዛር ወይስ የሰፈር ማምሻ?

ጥያቄ፦ "በድሬዳዋ ገንደ ቆሬ አካባቢ 180 አባወራ ያለን የሰፈር ልማት ማህበር ነን። የልጆች ማንበቢያ ክፍል ጀምረን ግድግዳው ቆሟል፤ ለጣሪያና ለመደርደሪያ 350 ሺህ ብር ይጎድለናል። ሰውም እንደ ድሮው አይገናኝም። ከአዲስ አበባ ታዋቂ ድምፃዊ እናምጣ የሚሉ አሉ፣ ባዛር የሚሉ አሉ፣ ቶምቦላ የሚሉም አሉ። የቱ ያዋጣል?"

ሦስቱም አያዋጧችሁም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁና የሚያዋጣችሁን በእናንተው ቁጥር እንስራው።

ከኮንሰርቱ እንጀምር። ብዙ ሰው ከመጣ ብዙ ገንዘብ ይመጣል የሚለው ሐሳብ ነው የሚያሳስተው። ለስሌት ያህል የድምፃዊው ክፍያ፣ ባንዱ፣ አውሮፕላኑ፣ ሆቴሉ፣ መድረኩና የድምፅ መሣሪያው በድምሩ 600 ሺህ ብር ይሁን። ትኬቱን 300 ብር ብትሸጡ ወጪውን ለመመለስ ብቻ 2,000 ከፋይ ያስፈልጋችኋል። የጎደላችሁን 350 ሺህ ለማግኘት ደግሞ ወደ 3,170 ሰው። 180 አባወራ ያለው ማህበር ይህን ያህል ትኬት የሚሸጥበት መረብ የለውም። በዚያ ላይ ግማሹን ክፍያ ቀድማችሁ ትከፍላላችሁ፤ ማታ ዝናብ ቢጥል ወይ መብራት ቢጠፋ ተመላሽ የለም። እኔ ከዓመታት በፊት እዚሁ ድሬ አንድ ማህበር እንዲህ ሲያደርግ አስተባባሪ ነበርኩ። 2,000 ትኬት አሳትመን የተሸጠው 600 አልሞላም። የማህበሩ ሰብሳቢ ዕዳውን የከፈሉት ለልጃቸው ሰርግ ካጠራቀሙት ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ከአቅም በላይ የሆነ ወጪ ያለበት ዝግጅት ለሰፈር ማህበር አልመክርም።

ባዛሩ ሌላ ችግር አለው። ከውጭ ነጋዴ ታመጣላችሁ፣ ቦታ ታከራያላችሁ። ሃያ ጠረጴዛ በ1,500 ብር ብታከራዩ 30 ሺህ ነው፤ ድንኳኑና ጥበቃው አብዛኛውን ይበላዋል። ሰፈሩ ግን የወሩን ትርፍ ብር ለልብስና ለጫማ አውጥቶ ነጋዴው ይዞት ይሄዳል። በሚቀጥለው ሳምንት እናንተ ስትጠይቁት ኪሱ ባዶ ነው። እንዳላችሁትም ሰው አይገናኝበትም። ገዝቶ ነው የሚሄደው።

ቶምቦላ ደግሞ ያለ ፈቃድ አይደረግም። ትንሽ ነው፣ የሰፈር ነው ማለት አያድናችሁም። ፈቃድ ብታገኙም ዕጣ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችሁ የሃይማኖት ጥያቄ ያመጣል። በሩን ግማሽ ዘግታችሁ ትጀምራላችሁ ማለት ነው፤ ገንደ ቆሬ ላይ ደግሞ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

እኔ የምመክራችሁ አንድ ማታ የሚቆይ የሰፈር ማምሻ ነው። ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት፣ በራሳችሁ መንገድ ላይ፣ በራሳችሁ እናቶች ምግብ፣ ቀድሞ በተሸጠ ኩፖን። በድሬ ሙቀት ከቀትር በኋላ ሰው ከቤት አይወጣም፤ በርጫ ላይ ያለውም ቢሆን ከ11 ሰዓት በፊት አይነሳም። ነፋሱ ሲጀምር ግን ሁሉም ወንበሩን ይዞ ደጅ ይወጣል። ሰውን መጥራት አይጠበቅባችሁም፣ እሱ ራሱ ወጥቷል። እናንተ መብራትና ጠረጴዛ ነው የምታቀርቡለት።

ቀኑን በጥንቃቄ ምረጡ፤ ብዙ ዝግጅት የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ አየሩ ጥሩ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ፤ ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ የነቢያት ጾም ነው። የቁልቢ ገብርኤል ሰሞን ደግሞ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ግማሹ ቤት ቁልቢ ነው፣ ግማሹ እንግዳ ይቀበላል። ከጥምቀት በኋላ ያለው የጥር መጨረሻ ቅዳሜ የተሻለ ነው። አየሩ ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ደመወዝም ወጥቷል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም እያለ ስለሚመጣ የዚያን ዓመት ቀን ከመስጊድ ጠይቁ። ዐቢይ ጾምንም አይታችሁ ቀኑን ቁረጡ። ክረምትን ጨርሶ አታስቡት። አንዳንዱ ሰፊ ቦታ ስለሆነ ብቻ ደቻቱ ወንዝ አሸዋው ላይ እናድርግ ይላል። በ1998 ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ በዋናነት የወረደው ከላይ ከሐረርጌ ደጋ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ እያያችሁት ውሃ ሊመጣ ይችላል። ልጅ የሚሰበሰብበት ነገር እዚያ አይደረግም፣ አለቀ።

አሁን ወደ ምግቡ። ገንዘቡም መቀራረቡም የሚወሰነው እዚህ ነው። ድብልቅ ሰፈር ላይ ሥጋ ካቀረባችሁ ማን ነው ያረደው የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ሁለት ወጥ ቤት ትከፍታላችሁ፣ ሁለት ሰልፍ ይሠራል፤ ሰው የመጣው ለመገናኘት ነው፣ እናንተ ግን በሃይማኖት ለይታችሁ አሰለፋችሁት። ይህን ያየሁት አንዴ አይደለም። ማንም በክፋት አላደረገውም፤ በሬ መጣል የክብር ነገር ነው ብለው ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሥጋ የሌለበት ማታ። ምስር ሳምቡሳ፣ ፈጢራ፣ ፉል፣ ቦምቦሊኖ፣ የተቆረጠ ፍራፍሬ፣ ሻይና ሆጃ። ስድስት ጠረጴዛ ይበቃል። ሁሉም ከሁሉም ጠረጴዛ ይበላል። ቢራም አይኑር። ቢራ ካለ ድንኳንና ወንበር በነጻ የሚያቀርብላችሁ ይገኝ ይሆናል፤ ግን ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡትን እናቶች ታጣላችሁ፣ ማታው የቆመው ደግሞ በእነሱ ላይ ነው።

ሳምቡሳውን ጠጋ ብለን እንየው፤ ሰልፍ የሚረዝመው እዚያ ነው። 1,400 ሳምቡሳ ልትሸጡ ነው እንበል። አንድ ሰፊ ብረት ድስት በአንድ ጊዜ አሥራ አምስት ያህል ይይዛል፣ ለመብሰል አምስት ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል። በወረቀት በሰዓት 180 ይሆናል። እሳቱ ይቀንሳል፣ ዘይት ይጨመራል፣ ሰው ያወራል፤ በተግባር 120 ነው። በአራት ሰዓት ከአንድ ድስት 480 ታገኛላችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ሦስት ድስት ያስፈልጋል፣ ሊጡ ደግሞ ከቀትር በፊት ተጠቅልሎ ያለቀ መሆን አለበት። ማታ እየጠቀለሉ መጥበስ አይቻልም፤ ሞክራችሁ ካያችሁት 1 ሰዓት ላይ ሰልፉ አርባ ሰው ይደርሳል፣ ሰው ይሰለቻል፣ ኩፖኑን ኪሱ ከትቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ድስቶቹን ከግድግዳ በኩል አድርጓቸው፣ ፊት ለፊታቸው አግዳሚ ወንበር ይዘርጋ፣ ልጅ እንዳያልፍ። አጠገባቸው አንድ ባልዲ አሸዋና የድስቱ ክዳን ይኑር። የጋለ ዘይት ቢቀጣጠል ክዳኑን ደፍታችሁ እሳቱን አጥፉ። ውሃ በፍጹም አትድፉበት፤ እሳቱን ይረጨዋል።

ገንዘቡ የሚሰበሰበው በማታው አይደለም። ይህን ካልተረዳችሁ ሌላው ሁሉ አይረዳችሁም። ኩፖን አሳትሙ፣ እያንዳንዱ 50 ብር፣ አሥር አሥሩ በአንድ ጥራዝ፣ ተራ ቁጥርና ጉርድ ያለው። ለእያንዳንዱ አባወራ አንድ ጥራዝ ስጡ፣ ማለትም 500 ብር። ለራሱ ሊገዛው ይችላል፣ ለሥራ ባልደረባው ሊሸጠው ይችላል። ከማታው ሦስት ሳምንት ቀድሞ ይታደል፣ ከሳምንት በፊት ያለው ቅዳሜ ላይ ጉርዱና ብሩ ይሰብሰብ። ያ ቅዳሜ መለኪያችሁ ነው። ከጥራዞቹ ግማሹ እንኳ ካልተመለሰ ሰው ጠላን ብላችሁ አትደምድሙ። አብዛኛውን ጊዜ ጥራዙ ቤት ውስጥ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጦ ነው፤ የተቀበለው ልጅ ነው፣ አባት አላየውም። በየመንገዱ አንድ ሴት መድቡና ቤት ለቤት ትሂድ። በሁለት ቀን ይስተካከላል። ሴት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ግቢ ዘልቃ ቡና ላይ ቁጭ ብላ የምትጠይቀው እሷ ናት፣ ወንዱ በር ላይ ጠይቆ ነው የሚመለሰው።

በማታው ጠረጴዛዎቹ ላይ ጥሬ ብር አይነካም። የምትሸጠው እናት ኩፖን ተቀብላ ካርቶን ውስጥ ትጥላለች፣ በቃ። ኩፖን ያለቀበት ወይም ከሌላ ሰፈር የመጣ ሰው የሚገዛበት አንድ የገንዘብ ጠረጴዛ ብቻ ይኑር። እዚያ ሦስት ሰው ይቀመጣል፦ አንዱ ይቀበላል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ያያል። ሦስቱ ከአንድ ቤተሰብ አይሁኑ። በየሰዓቱ ብሩ ተቆጥሮ በፖስታ ይታሸግ፣ መጠኑ ፖስታው ላይ ተጽፎ ሦስቱም ይፈርሙ። አቦ ይሄ ሁሉ ለሰፈር ሰው ነው ወይ እንደምትሉ አውቃለሁ። ግን እዚህ ሁለት ጥሩ ጎረቤታሞችን ያጣላው ስርቆት አልነበረም፤ ሳይጻፍ የተቀመጠ 4,000 ብር ነው። ቴሌብር የምትቀበሉ ከሆነ በማህበሩ ስም ይሁን። የገንዘብ ያዡ የግል ስልክ ላይ ከገባ፣ ሰውዬው ምንም ያህል ታማኝ ቢሆን፣ ሐሜት ይወጣበታል።

ለነጋዴዎች ድጋፍ እንጠይቃለን የሚል ደብዳቤ አታድሉ። ከዚራም መጋላም ያለ ነጋዴ በሳምንት ስንት እንደዚህ ያለ ደብዳቤ እንደሚቀበል አታውቁም። አንድ የተለየ ወጪ ይዛችሁ ሂዱ። ለአንዱ የጀነሬተር ኪራዩን፣ ለሌላው 200 ወንበር፣ ለሌላው ዱቄትና ዘይት፣ ለሌላው አምፖልና ሽቦ። ሰው የሚያየውን ነገር መስጠት ይቀለዋል፣ ማታ ላይ መጥቶም ያየዋል። ዒላማችሁ የማታው ወጪ ከኩፖኑ ብር ላይ አንድ ሳንቲም እንዳይነካ ነው።

በማታው ጨረታም ይኑር፤ 2 ሰዓት ላይ አድርጉት፣ ሰው ከበላና ከተጫወተ በኋላ፣ ሕፃናት ግን ሳይተኙ። ሦስት ዕቃ ይበቃል። አንድ ትልቅ ድፎ ዳቦ፣ አንድ ሙክት በግ በሕይወቱ፣ አንድ ደግሞ የሰፈሩ ልጆች የሠሩት ነገር። ከሦስት በላይ ከሆነ ሰው ይደክመዋል፣ የመጨረሻው ዕቃ በማይረባ ዋጋ ይሄዳል። ዋና ማስጠንቀቂያዬ ቃል የሚገባው ላይ ነው። ማይክ ላይ "አሥር ሺህ ብር" ብሎ መጮህ ደስ ይላል፣ ያጨበጭቡለታል፣ ግን ቃል የተገባ ሁሉ አይገባም። በሒሳባችሁ ውስጥ በእጅ የገባውን ብቻ ቁጠሩ። ቃል የገባው ሰው ወንበሩ ላይ እያለ ወረቀት ይዞ የሚሄድለት፣ ስሙንና የሚከፍልበትን ቀን የሚጽፍ አንድ ትሁት ወጣት መድቡ። በማግስቱ ስልክ ከመደወል በጣም ይሻላል።

እንግዲህ እንደምረው። ከ180 ጥራዝ 130ው ሙሉ ቢመለስ 65 ሺህ ብር ነው። በማታው 400 ኩፖን ብትሸጡ 20 ሺህ። ጨረታው 40 ሺህ ቢያስገባ። ከድሬ ውጭና ከውጭ አገር ያሉ የሰፈሩ ልጆች ቀደም ብላችሁ የግድግዳውን ፎቶ ልካችሁላቸው 60 ሺህ ቢልኩ። ድምሩ 185 ሺህ ነው። ስፖንሰር ካልሸፈነው ወጪ 15 ሺህ ቢቀነስ 170 ሺህ ይቀራል። ከምትፈልጉት ግማሽ እንኳ በትክክል አልሞላም። ይህን አሁን የምነግራችሁ በኋላ እንዳታዝኑ ነው፤ አንድ ማታ 350 ሺህ የሚያመጣው 180 አባወራ ባለው ሰፈር አይደለም፣ አመጣለሁ የሚላችሁ አዘጋጅ ካለ ተጠንቀቁት። ስለዚህ ዓላማውን ክፈሉት። ዘንድሮ ጣሪያው ብቻ፣ መደርደሪያው ለሚቀጥለው ጥር። ኩፖኑ ላይም "ለማንበቢያ ክፍሉ ጣሪያ" ተብሎ ይጻፍ፣ "ለልማት" አይባል። ጣሪያው 170 ሺህ ካልበቃው የጎደለውን አባላቱ በወር መዋጮ ይጨርሱት፤ ቆርቆሮ እየተመታ ያየ ሰው መዋጮ አይከብደውም።

ሰው አይገናኝም ላላችሁት ደግሞ አንድ ነገር ጨምሩ፣ ወጪ የለውም። የድሮ ፎቶ ግድግዳ። ድሬ በ1902 እ.ኤ.አ. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ በሰፈራችሁ የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ የሌለበት መንገድ ያለ አይመስለኝም። በየቤቱ አልበም ውስጥ ለገሃር ፊት የተነሱት ፎቶ አለ፣ የሰርግ አለ፣ የትምህርት ቤት አለ። ወጣቶቹ ቤት ለቤት ዞረው በስልክ ያንሱት፣ ዋናውን እዚያው ለባለቤቱ ይመልሱ፤ ዋናውን ፎቶ ይዞ መውጣት ክልክል ነው፣ የጠፋ ፎቶ አይተካም። ሃምሳውን አሳትማችሁ በገመድ ላይ በመቆንጠጫ ስቀሉ። ከታች ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ይንጠልጠል፣ ሰው ያወቀውን ስም ይጻፍ። እኔ ባገዝኩት አንድ ማታ ሁለት አዛውንት፣ አንዱ ኦሮምኛ ሌላው ሶማሊኛ እየቀላቀሉ፣ አንድ የኳስ ቡድን ፎቶ ሥር ቆመው ግብ ጠባቂው ማን እንደነበር ሲከራከሩ አንድ ሰዓት አለፈ። ሁለቱም በአንድ መንገድ ላይ ሃያ ዓመት ኖረው ሰላምታ ብቻ ነበር የሚለዋወጡት። ሰው ፎቶው ጋ በቆየ ቁጥር ሌላ ሻይ ይገዛል፣ ያም ኩፖን ነው።

የመድረክ መሪው አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ የሚቀላቅል የሰፈር ልጅ ይሁን፤ በድሬ እንዲህ ያለ ልጅ አይጠፋም። የመግሪብ አዛን 12 ሰዓት ገደማ፣ የዒሻ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ዘግይቶ ነው፤ በሁለቱም ጊዜ ድምፅ ማጉያው ጸጥ ይበል። አስቀድማችሁ በፕሮግራሙ ላይ ጻፉት፣ ማታ ላይ ሰው ሮጦ "ዝጉት" እንዳይል። መንገድ ስለምትዘጉ ለአካባቢው አስተዳደርና ለፖሊስ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ደብዳቤ አስገቡ፣ ማህተም ያረፈበትን ቅጂ በማታው ይዛችሁ ሁኑ። ባጃጆቹ የሚዞሩበትን መንገድም ከሹፌሮቹ ጋር ተነጋግራችሁ ቀድማችሁ ወስኑ፤ ካልነገራችኋቸው መሐል ላይ ጥሩምባ ይነፋሉ።

ሒሳቡን በሳምንት ውስጥ አውጡ። አንድ ገጽ ይበቃል፦ የገባው፣ የወጣው፣ በባንክ ያለው፣ ገና ያልተከፈለው ቃል። ሱቁ በር ላይ፣ መስጊዱና ቤተክርስቲያኑ አጠገብ ለጥፉት። ቆርቆሮውም ከተለጠፈው ወረቀት በኋላ አንድ ወር ሳይሞላ ይገዛ፤ ብሩ ባንክ ተኝቶ ዋጋ ከጨመረ ሁለት ጊዜ ትከስራላችሁ። ለመጀመር የጥርን ቀን ዛሬ ቁረጡ፣ ኩፖኑን የሚያትም ማተሚያ ቤትም ጠይቁ፤ ድምፃዊ እናምጣ ያሉትን አባላት ደግሞ የጨረታው ኃላፊ አድርጓቸው፣ ሰው መሰብሰብ የሚወዱ ናቸውና።